ቢያድግልኝ ብላችሁ ሸኙት

የተከበራችሁ ቄሶቻችን፣ ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ የወደብ ባልደረቦቹ፣ ልጆቹ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔ መንበሩ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጎረቤቱ፣ በስደትም በአሽዶድም። ትምህርት የለኝም። ይቺን ወረቀት ዛሬ ጠዋት ስጽፍ እጄ ከድንጋይ ይከብድ ነበር። ግን ጻፍኩ። ሌላ ሰው ጽፎልኝ አላነብም፤ የእሱን ነገር ሌላ ሰው አይጽፈውም።

ፀሐዩ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ቁሙና ስሙኝ። እሱ ከዚህ በባሰ ፀሐይ ቆሟል።

ስሙ ማን ነበር? የወደብ ሰዎች «ቢያ» ትሉታላችሁ። በፍቅር ነው፣ አልቀየማችሁም። ግን ስሙ ማን ነበር? ቢያድግልኝ ነበር። ቢያድግልኝ ወንዳለ። እናቱ ሦስት ልጅ ቀብራ አራተኛውን ስትወልድ ስም አላወጣችለትም፤ ለመነች። ልመናዋ ነው ስሙ የሆነው። አደገላትም። ከእሱ በኋላ እህቱን እናኑን ወለደች። እናኑ ይኸውና እዚህ ቆማለች።

በ1991 እስራኤል ደርሰን ከአውሮፕላን ስንወርድ ግንባራችን ላይ ቁጥር ተለጥፎ ነበር። መሬቷን ስመን ገና አፋችን አፈር ነው። በጠረጴዛ የተቀመጠው ጎረምሳ ፓኪድ፣ የመንግሥት ጸሐፊው፣ በአስተርጓሚ ጠየቀው፤ «ስም?»

«ቢያድግልኝ።»

«ረጅም ነው» አለ ጎረምሳው። «ቢያ ይበቃል።» ማኅተሙን መታ። «ቀጣይ!»

ማን ደፍሮ ይናገር? በአፍህ አፈር ይዘህ ትከራከራለህ? ያን ቀን ከኋላው ባለቤቴ ሐረጊቱ ነበረች። እሷን «ሐሪ» አላት። እኔም ዝም አልኩ። ይህን አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሥራ ሦስት ዓመት ቢያ ሆኖ ኖረ። በደመወዝ ወረቀቱ ቢያ፣ በሐኪም ቤት ቢያ፣ በልጆቹ መታወቂያ፣ በቴኡዳት ዘሁታቸው ላይ የአባት ስም ቢያ። ምንም አልነካውም አለ። ዋሸ።

በ2004 እህቱ ከጎንደር ተነሥታ ለመምጣት ማመልከቻ አስገባች። «ወንድሜ በእስራኤል አለ፤ ቢያድግልኝ ወንዳለ ይባላል» ብላ። መልሱ መጣ፤ «በዚህ ስም የተመዘገበ ወንድም የለሽም።»

ስሙ! የለሽም አሏት! ስድስት ልጅ አሳድጎ፣ በወደብ አሥራ ሦስት ዓመት ጆንያ የጫነ ሰው የለም!

ሁለታችን ሃኪርያ፣ የመንግሥት ቢሮዎቹ ሰፈር፣ ወዳለው የመዝገብ ቢሮ ሄድን። ቁጥር ወሰድን፤ ግማሽ ቀን ጠበቅን። ሊያት የምትባል ፓኪዳ ነበረች፣ ደግ ልጅ።

«አባ፣ ችግር የለም። ይህ የስም ለውጥ ፎርም ነው። ፈርም፤ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ግን አንዴ ከለወጥክ ሰባት ዓመት ሳይሞላ እንደገና ለመለወጥ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

ብዕሩን አነሣ። ከዚያ አስቀመጠው።

«ቢያ የሚለውስ ወዴት ይሄዳል?»

«የቀድሞ ስም ተብሎ ይመዘገባል። አዲሱ ስም ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው።»

«ከዛሬ? ልጄ፣ እኔ ከዛሬ አልተወለድኩም። ለውጥ አልፈልግም። ቲኩን ነው የምፈልገው። እርማት!»

«እርማት ሌላ ነው» አለችው። «ስህተቱ ከመጀመሪያው እንደነበረ የሚያሳይ የመንግሥት ወረቀት ታመጣለህ። የልደት ምስክር ወረቀት አለህ?»

«በእኛ መንደር የተወለደ ሰው ምስክሩ እናቱ ናት። እናቴ ደግሞ ሞታለች።»

ወጣን። በሚቀጥለው ሰንበት ባሕሩ ዳር ተቀምጠናል፤ ልጁ ናዖር ከሠራዊቱ ለእረፍት መጥቶ ነበር። «አባ፣ ፈርምና ገላግለን! ማን ያየዋል?» አለው። እኔም «ፈርም» አልኩት። አዎ፣ እኔ! ሐረጊቱን በሁለት ፊደል የቀበርኩ እኔ፣ እሱም እንደ እኔ ይተወው ብዬ ነው። የተሸነፈ ሰው ጓደኛውንም ይጎትታል።

 እሱ ግን እንዲህ አለን፤ «ብፈርም ስሜን ዛሬ ያገኘሁ ሰው እሆናለሁ። ለእናኑ ብዬ ያወጣሁት ነው ይሉኛል። እሷን ውሸታም፣ እኔን አጭበርባሪ። ባልፈርም ደግሞ እህቴ እዚያው ትቀራለች። መንበሩ፣ ሁለቱንም አልፈልግም።»

ሁለቱንም አልፈልግም! አያችሁ? ሰው ሁለት በር ሲያሳዩት ግድግዳውን የሚገፋ ሰው ነው ዛሬ የተኛው።

ቤት ገብቶ የድሮ ጨርቅ ፈታ። በውስጡ በአዲስ አበባ ስንጠብቅ የተከተብንበት ካርድ ተጣጥፎ ተገኘ። የክሊኒክ ማኅተም አለው፤ ስሙ ሙሉ ተጽፎበታል፤ «ቢያድግልኝ ወንዳለ፣ ሚያዝያ 1983።» ኖታሪዮን በሚሉት ሕጋዊ አረጋጋጭ አስተርጉሞ ወሰደው። የሊያት አለቃ፣ ጠና ያለች ሴት፣ መነጽሯን አወለቀች።

«አዶኒ፣ ጌታዬ፣ እናንተ የመጣችሁት በ1991 ነው። ካርዱ ስምንት ዓመት ይቀድማል። ያኔ የመጠበቂያ ሰፈር አልነበረም። ይህ የተሠራ ወረቀት ነው።»

 እኔ በሩን ማየት ጀመርኩ። እሱ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሳቀ!

«እመቤቴ፣ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው! ከእናንተ በስምንት ዓመት ልጆች ነን!»

ተርጓሚው ፊደሉን ተርጉሞ ዓመቱን ረስቶታል። ሴትዮዋም ሳቀች፤ ግን ሳቅ ማኅተም አይሆንም። ትርጉሙ በፈረንጅ ዓመት ተስተካክሎ እንደገና ተጻፈ። ከዚያ ለምስክርነት ተፈለግን። አንድ ቄስና እኔ። ቃላችንን የሚቀበል ጠበቃ ፊት ቆምን፤ «ብትዋሹ በሕግ ትቀጣላችሁ» አለን። «ጌታዬ» አልኩት፣ «ዝም ብዬ ተቀጥቻለሁ። መናገሩን ልሞክር።» ፈረምኩ። ያቺ ፊርማ በሕይወቴ ካኖርኳቸው ሁሉ ትበልጣለች።

ሦስት ወር ጠበቀ። አዲሱ ቴኡዳት ዘሁት ሲመጣ ስሙን አይደለም መጀመሪያ ያየው። አብሮ ያለውን፣ ስፋሕ የሚሉትን አባሪ ወረቀት ገለበጠ። «የቀድሞ ስም» የሚለው ቦታ ላይ ጣቱን አኖረ። ባዶ ነበር። ባዶ! ቢያ የሚባል ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ለናዖር ሰጠውና «አሁን የአባትህን ስም አንተም አስተካክል» አለው። አስተካከለ።

ከዚያ በኋላ ያቺ የእህቱ ፋይል ወንድሟን አገኘች። በ2006 እናኑ መጣች። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሰው እየገፋት «ቢያድግልኝ! ቢያድግልኝ!» እያለች ጮኸች። በጠረጴዛው የተቀመጠ ፓኪድ ራሱን ቀና አደረገ። እኔ አየሁት። ልጅ ስለሆነ ያ በ1991 ስሙን የቆረጠው ፓኪድ አይደለም። ቢሆን ግን ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ይቺን የመቃብር ሰሌዳ ተመልከቱ። የቀባሪዎቹ ማኅበር ከመዝገቡ ገልብጦ ነው የጻፋት። እኔ ዕብራይስጥ ማንበብ አልችልም፤ ይህን አንድ ስም ግን እችላለሁ። ሙሉ ነው። ማንም «ይበቃል» አላለም።

ከዚያ ከግንቡ ሥር ያለችውን ሐረጊቱንም እዩ። ድንጋይዋ ላይ «ሐሪ» ይላል። የሬሳ ቤት ወረቀቱ እንደዚያ ስለሚል እኔም እንደዚያ አስቀረጽኩ። እመለስበታለሁ ያልኳችሁ ይህ ነው። ድንጋይ ለመቅረጽ የመዝገብ ፈቃድ እንደማያስፈልግ ቢያድግልኝ ነው የነገረኝ። የሐዘኑ ሰባት ቀን ሲያልፍ ጠራቢው ዘንድ እሄዳለሁ። ከሰማኒያ ዓመት ሽማግሌ ጋር መከራከር የሚፈልግ ይምጣ።

አንተ ጓደኛዬ! እህትህን አመጣህ፣ ልጅህን አስተካከልክ፣ እኔን ከሞት በፊት አነሣኸኝ። ከላይ በር ላይ ስም ቢጠይቁህ ቸኩለህ አትናገር። ሙሉውን ተናገር። ረጅም ነው ካሉህ ቁምባቸው።

እናቶች፣ ወንድሞች፣ የወደብ ሰዎች፤ አፈር ከመመለሳችን በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁላችሁም፣ ሳትቆርጡ፤

ቢያድግልኝ!

አደግክ ወንድሜ። ደህና ግባ።