የካፒቴን ኩክ ታሪክና የኦቦ በዳዳ ጥያቄ

ኮተቤ ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዘ ሰው ወሬ አያጣም። ያን ዕለት ደግሞ የወፍጮው ቺንጋ ተበጥሶ ባለወፍጮው ይጠግነው ነበርና፥ ጩኸቱ ቀርቶ የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ኦቦ በዳዳ አህያቸውን እየነዱ፥ የልጅ ልጃቸውን ኢፍቱን አስከትለው መጡ። ኦቦ በዳዳ ወሰን የሚባለው መንደር ሰው ናቸው። እርሻቸው ቢጠብም ላሞች አሏቸው፤ እኔ ጎመን፥ እሳቸው ወተት ስንሸጥ በመንገድ ላይ የተዋወቅን ነን።

«ኢፍቱ ምነው? ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አልኩ።

«ትምህርትስ አለ፤ እሷ ናት የሌለችው» አሉ ገብሳቸውን እያወረዱ። «ከእንግዲህ አትሄድም። ላሞች ትጠብቃለች።»

ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። በእጇ በእስቴንስል የታተመ አንድ ወረቀት ይዛለች።

«አራተኛ ክፍል ደርሳ! ምን አጠፋች?»

«እሷ ምን ታጠፋለች? የሚያጠፋትስ ይኸ ወረቀት ነው። ትናንት ማታ ለእኔ ለአያቷ ስታነብልኝ 'አካኮ፥ እኔም ባሕር አያለሁ' አለችኝ። አንቺ የማርያምወርቅ፥ አባቷም እንዲሁ ነበር ያለኝ።»

የኢፍቱ አባት፥ ልጃቸው ጉተማ፥ ምጽዋ መርከብ ላይ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው። ሞተ የሚል አለ፤ ዓረብ አገር አየሁት የሚልም አለ። እሳቸው ግን ለቅሶ አልተቀመጡ፥ ተስፋም አልቆረጡ።

በዚህ መካከል መምህር ዓምደ ሚካኤል ትንሽ ከረጢት ይዞ ብቅ አለ። የኢፍቱ አስተማሪ እሱ ነው፤ ላጤ ስለሆነ ዱቄቱን ራሱ ያስፈጫል። ኢፍቱን ሲያይ ደነገጠ።

«ኦቦ በዳዳ፥ ደህና አደሩ? አሟት ቀረች ብዬ ነበር።»

«ደህና ናት። መምህር፥ ወረቀቱን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለልጆቹ እንዲቀል አሳጥሬ ጻፍኩት።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ጎረምሳ ከሆኑ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። ቢሆንም የማላውቀው ነገር ሲነገር ዝም ማለት አልወድም። «አንብቢልን እስቲ» አልኳት። ኢፍቱ ቆማ አነበበች፦

«ጄምስ ኩክ በእንግሊዝ አገር ማርተን በምትባል መንደር፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1728 ተወለደ። አባቱ በሰው እርሻ ላይ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ነበር። እናቱ ግሬስ ትባላለች። የእርሻው ጌታ ከፍሎለት ጥቂት ዓመት ተማረ። ከዚያ ከሰል በሚጭን መርከብ ላይ ሥራ ለመደ፤ ኋላም የንጉሡ ባሕር ኃይል ገባ። ኤልሳቤጥን አግብቶ ስድስት ልጆች ወለደ። ሦስት ረጅም ጉዞዎች አደረገ። በመጀመሪያው ኒው ዚላንድን ዞረ፤ የአውስትራሊያንም ምሥራቃዊ ዳርቻ አገኘ። በሁለተኛው በደቡብ እስከ በረዶው ባሕር ሄደ። በሦስተኛው በሰሜን መንገድ ሲፈልግ በ1779 በሃዋይ ደሴት ሞተ።»

«ጥሩ አነበብሽ» አለ መምህሩ።

«አገኘ ይላል» አሉ ኦቦ በዳዳ። «እዚያ ዳርቻ ሰው አልነበረም?»

«ነበረ። ከጥንት ጀምሮ የኖረ ሕዝብ አለ።»

«ታዲያ ምኑን አገኘ? እኔ የሰው ላም ከግጦሹ ላይ አይቼ አገኘሁ ብል፥ ዳኛ ፊት አልቀርብም?»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቀም። «እውነትዎን ነው፤ 'ደረሰ' ብዬ አርመዋለሁ» አለ።

«እሺ፥ ይኸ ለልጅ ምን ይረባል?»

«የቀን ሠራተኛ ልጅ ቢማር የት እንደሚደርስ ያያሉ። ሌላም አለ። በዚያ ዘመን መርከበኛ ትኩስ ምግብ እያጣ፥ ድዱ እየደማ፥ ጥርሱ እየረገፈ ይሞት ነበር። ኩክ ግን መርከቡን ያስጠርጋል፥ ያሳጥባል፤ የብስ በደረሰ ቁጥር ቅጠላ ቅጠል ያስለቅማል። በበርሜል በጨው የኮመጠጠ ጥቅል ጎመንም ጫነ።»

«ጎመን!» አልኩ ብድግ ብዬ። «ሰማችሁ? ነጋ ጠባ የምትንቁትን!»

«መርከበኞቹም ንቀውት ነበር፥ እትዬ። እሱም አላስገደዳቸውም፤ በየቀኑ በአለቆቹ ገበታ ላይ እንዲቀርብ አደረገ። አለቆቹ ሲበሉት ሲያዩ 'ለእኛስ?' አሉ።»

«እንደ ቀበጥ ልጅ!» አልኩ። ኦቦ በዳዳም ፈገግ አሉ፤ ግን ወዲያው ኮስተር አሉ።

«ሞተ ብቻ ይላል። በምን ሞተ?»

መምህሩ አመነታ። «ልጆች እንዳይፈሩ ብዬ ተውኩት። ጀልባ ተሰረቀበት። ለማስመለስ ብሎ የአገሩን ንጉሥ በመያዣ ሊወስድ ሲል ሰው ተሰበሰበ፤ ባሕሩ ዳር ገደሉት።»

«አዬ! በሰው አገር ንጉሥ ሊማርክ? ይኸንንም ይጻፉት። ልጅ ከጥፋትም ይማራል።» ቀጥለውም «ሚስቱስ?» አሉ። «ወሬው ደረሳት?»

«ደረሳት። አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል። ባሏንም ልጆቿንም ሁሉ አጥታ እስከ ዘጠና ሦስት ዓመቷ ኖረች።»

«በዓለም ጫፍ የሞተ ሰው፥ ዕለቱ፥ ቦታው፥ ምክንያቱ እንዴት ታወቀ?»

«በመርከብ ላይ በየዕለቱ ይጻፋል፥ ኦቦ። ነፋሱ፥ ውሃው፥ የታመመው፥ የሞተው። እሱ ሲሞት ሌሎቹ ጻፉ። ይኸ ወረቀት የወጣበት መጽሐፍም የተጠናቀረው እነሱ ከጻፉት ነው።»

ኦቦ በዳዳ በትራቸውን መሬት ላይ አቆሙ። «ሴትዮይቱ እንኳ አልቅሳ ወጣላት» አሉ ቀስ ብለው። «የእኔ ልጅ ፊደል አያውቅም ነበር። አብረውት የሄዱትም አያውቁም። እኔ ላልቅስ ወይስ ልጠብቅ?»

እኔ ደግሞ ዝም ማለት የማልችል ሴት ነኝ።

«ኦቦ በዳዳ፥ ይቆጡኝ እንጂ እናገራለሁ። ጉተማን የወሰደው ወረቀት አይደለም፤ ወረቀት አይቶም አያውቅ! ላም ጠባቂ ሆኖ ነው የሄደው። ኢፍቱን ላም ቢያስጠብቋት መሄድ የፈለገ እግር አይቀርም። ፊደል ከያዘች ግን ብትሄድም ወሬዋ ይመጣል።»

«አንቺ ደግሞ ምላስሽ ከወፍጮው ይብሳል» አሉኝ። ግን አልተቆጡም። ወደ መምህሩ ዞሩ፦ «ያልታወቀ ነገር ሲኖር ምን ይጻፋል?»

«የሚታወቀውን እንጽፋለን። ያልታወቀውን 'አልታወቀም' እንላለን እንጂ አንፈጥርም።»

«ኢፍቱ፥ እርሳስ ይዘሻል?»

ነበራት። በወረቀቱ ጀርባ፥ በእኔ ጆንያ ላይ ተደግፋ፥ አያቷ እየነገሯት ጻፈች። አላጣደፏትም፤ መምህሩም አልገባባቸውም።

«ጉተማ በዳዳ ወሰን ተወለደ። አባቱ በዳዳ፥ እናቱ ጂቱ። ዲንቄን አግብቶ አንዲት ልጅ ወለደ። ስሟ ኢፍቱ ነው። ባሕር ለማየት ይወድ ነበር። ወደ ምጽዋ ሄደ።» እዚህ ላይ ልጅቷ ቆመችና «አካኮ፥ ሞተ ልበል?» አለች።

«አትበይ። መምህርሽ የማናውቀውን አንፈጥርም ብሏል። 'ወሬው አልመጣም' በይ። ከታች ቦታ ተዪለት።»

ያን ጊዜ ቺንጋው ተጠግኖ ኖሮ ወፍጮው ጮኸ፤ እንባዬን ማን አየብኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ትምህርት ልጅን ከቤት ያወጣል የምትሉ ሁሉ፥ ልጅ ሳይማርም ይወጣል። የተማረ ግን የእጁን ጽሑፍ ይልካል፤ የደረሰበትን ያሳውቃል፤ ለሞተው የሞቱን ቀን፥ ላለቀሰው ዕረፍት ይሰጣል። ሰውነቱን ይጠብቃል፥ የናቀውን ጎመን ይበላል። የታላቅ ሰውን ታሪክ ሲያነብም ደግ ሥራውን ይወስዳል፥ ጥፋቱን ይተዋል፤ የራሱን አባት ታሪክ መጻፍም ይችላል።

በማግሥቱ ጠዋት ጎመኔን ተሸክሜ ስወጣ ኦቦ በዳዳን አየኋቸው። ላሞቹን ራሳቸው ይነዳሉ። ኢፍቱ ከፊት ከፊት ወደ ትምህርት ቤት ትሮጣለች።

«ቀስ በይ!» ይሏታል። «ወረቀቱን እንዳትጥዪው፤ ቦታ የተውንበት ነው!»