ቀጣሪን ማጠያየቅ ነውር አይደለም

ከብዙ ዓመት በፊት አዲሎ ከተማ ላይ የመኪናችን ጎማ ተንፍሶ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፣ ከኋላዬ ሁለት ሽማግሌዎች ሲጫወቱ ሰማሁ። መልካቸውን ረስቻለሁ፤ ጨዋታውም ግማሹ ጠፍቶብኛል። አንደኛው ሴት ልጁን ለመዳር ሦስት ወር ሙሉ ሰው እየላከ የጠያቂውን ልጅ ዘር እንዳስጠየቀ፣ የእናቱ ወገን አልጠራ ስላለው ራሱ ዱራሜ ድረስ እንደ ወረደ ያወራል። ጓደኛውም አመሰገነው። ቀጥሎ የልጅቷ ወንድም ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ መጀመሩ ተነሣ።

“ማን ወሰደው?” አለ ጓደኛው።

“አንድ ሰውዬ ነው።”

“የማን ልጅ?”

“እንጃ። ጥሩ ሰው ይመስላል።”

ጎማው ተሠራና ተነሣን። ያ ልጅ ይድረስ አይድረስ እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ግን ለአማች ሦስት ወር፣ ለወሳጅ አንዲት ቃል መብቃቷ እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ባለፈው ጥር በሱቄ የተደረገውን ክርክር የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ይበልጣል እባላለሁ፤ ሱቄ ሆሳዕና፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት ያለች የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት ናት። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ፣ የቀረውን ሰዎች ሊያባዙ ከሚያመጡት ወረቀት ለቅሜያለሁ። ማመልከቻ ያነበበ ሰው የአገሩን ችግር ሁሉ ያውቃል። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት አቶ ዕንባቆም የወንድማቸውን ልጅ ጵርስቅላን አስከትለው ገቡ። አቶ ዕንባቆም ጡረታ የወጡ መምህርና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ወንድማቸው ከሞተ ጀምሮ ልጅቷን ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው። እርሷ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዛ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ኖራለች። የትምህርት ማስረጃዋን ኮፒ ያደረግሁበት ብዛት ቢቆጠር አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል።

“ፓስፖርቷን በአራት ኮፒ አንሣልኝ፤ ይህንንም ፓስፖርት የማስረከቢያ ግዴታ ጻፍልን” ብለው ረቂቁን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። “ሐሙስ ለዮሲ እናስረክባለን።”

ዮሲ እዚሁ አቅራቢያችን ያለችው የሞርሲቶ ከተማ ልጅ ነው። “ለምለም አድማስ የውጭ አገር ሥራና ሠራተኛ አገናኝ” የሚባል ድርጅት ወኪል ነኝ ብሎ፣ ዱባይ ለሚከፈት ሆቴል ገንዘብ ተቀባይና አስተናጋጅ እየመዘገበ ነበር። አቶ ዕንባቆም ራሳቸው ማስታወቂያውን እሑድ በጉባኤው ፊት አንብበውለት፣ አሥራ ዘጠኝ ወጣት ተመዝግቧል።

ፓስፖርቱን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። ልጅቷ ግን ቦርሳዋን አልከፈተችም።

“ጋሼ፣ አልሰጥም” አለች። “ባለፈው ሳምንት ጊዜ ስጡኝ ያልኳችሁ ለጸሎት ብቻ አልነበረም፤ ድርጅቱን ሳጠያይቅ ነው የሰነበትኩት።”

አቶ ዕንባቆም ወደ እኔ ዞረው፣ ይህቺ ልጅ ሰው መርማሪ ሆናለች፣ የሰው ስም ማጥፋት እንዲህ ነው የሚጀመረው አሉ። የዮሲ አባት አብሯቸው ሞርሲቶ ትምህርት ቤት ያስተማረ፣ ቅን ሰው እንደ ነበር ነገሩኝ። ልጅቷ በትዕግሥት አዳመጠችና፣ “ጋሼ፣ ስለ አባቱ ማንም አልጠየቀም። እኔ የጠየቅሁት ስለ ድርጅቱ ነው” አለቻቸው።

ከቦርሳዋ የፈቃዱን ኮፒ አወጣች። ዮሲ ለተመዝጋቢው ሁሉ ያደለው ነው፤ ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ስልክ አለው።

“ፈቃዱ ይኸው አይደል?” አሉ አቶ ዕንባቆም። “ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?”

እርሷም የሠራችውን በተራ ነገረቻቸው። ወደ ውጭ አገር ሠራተኛ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ የሚያወጣው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ይዛ ወደ ዞኑ የሥራና ክህሎት መምሪያ ሄደች። ኢክራም የምትባል ባለሙያ ቁጥሩን ከሚኒስቴሩ የኤጀንሲዎች ዝርዝር ጋር አስተያየችላት። ቁጥሩ አለ፤ ስሙ ግን የሌላ ኤጀንሲ ነው። “ለምለም አድማስ” የሚል በዝርዝሩ ውስጥ ከነጭራሹ የለም።

“የጽሕፈት ስሕተት ሊሆን ይችላል” አሉ አቶ ዕንባቆም። “ይበልጣል፣ አንተ እንኳ ስንት ቁጥር ታሳስታለህ።”

እውነት ነው፣ አሳስታለሁ።

“እኔም እንደዚያ ብዬ ደወልኩ” አለች። “ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ግን አይደለም።”

“ለምን? ስልኩ የተጻፈው ሊደወልበት አይደል?”

“ወረቀቱን ያመጣው ሰው የጻፈው ስልክ፣ ወረቀቱን ያመጣውን ሰው ነው የሚያመጣልኝ። ቀድሜ ሞክሬዋለሁ፤ ያነሣው ራሱ ዮሲ ነው። ድምፁን አጎርንኖ ‘ዋና መሥሪያ ቤት’ አለኝ።”

እኔ ሳልፈልግ ሳቅሁ። አቶ ዕንባቆም አልሳቁም። ልጅቷ ቀጠለች፤ ባለቁጥሩን ኤጀንሲ ከሚኒስቴሩ ዝርዝር ላይ ባገኘችው ስልክ ስትጠይቅ፣ ሆሳዕና ላይ ቅርንጫፍም ወኪልም እንደሌለው፣ የሆቴል ሠራተኛ ትእዛዝም እንዳልመጣለት ነገሯት። ዮሲ ለመመዝገቢያ በሰጣት ደረሰኝ ላይ ያለውን የግብር ከፋይ ቁጥርም በንግድ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ብታስገባው፣ የተመዘገበው ንግድ የግንባታ ዕቃ ችርቻሮ ሆነ።

“ጋሼ፣ ቆርቆሮና ሚስማር ሊሸጥ ነው ፈቃድ ያለው። ሰው እንዲልክ አይደለም።”

አቶ ዕንባቆም መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔ እንደማየው ግማሹ ገብቷቸዋል፤ ግን ሰው የገባው ነገር ሲያሳፍረው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በእኛ ዘመን ሰው በሰውነቱ ይታመን ነበር አሉ። ተማራችሁ ተብሎ ሁሉን በስልክ መፈተሽ የእምነት ማጣት ነው አሉ። ልጅቷ ሁለት ዓመት ከቤት መዋሏን፣ በር ሲከፈትላት የበሩን እንጨት መመርመሯን በምሬት ተናገሩ። እርሷም ውሉን ከቦርሳዋ አወጣች።

“ሥራውን ከእርስዎ ይልቅ እኔ ነኝ የምፈልገው። የሰጠንን ውል አንብበውታል? የቀጣሪው ስም የለበትም። ሆቴሉ የት እንዳለ የለበትም። በሕጉ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት በቀጣሪው ነው፤ በእኛ ላይ ያለው ወጪ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ የመሳሰለው ነው። ዮሲ ግን የቪዛውንም ከእኛ ይጠይቃል። ውሉ ከመሄዳችን በፊት በሚኒስቴሩ መጽደቅ አለበት፤ እርሱ ‘በጉብኝት ቪዛ ግቡ፣ እዚያ ይቀየራል’ ነው የሚለው። ጎብኚ ሆኖ የገባ ሰው ቢበደል በየትኛው ውል ይከሳል?”

“ሁለት ልጆች ልኮ የለም እንዴ? የአንጋጫዋ ሀኒ ደርሳለች ተብሎ በጉባኤ ምስጋና ቀርቧል።”

እኔም ከማሽኑ ኋላ ሆኜ ትዕግሥቴ አለቀ። “አቶ ዕንባቆም፣ መድረስ ማለት መሥራት ነው?” አልኩ። “ሀኒን ማን አናገራት?”

“ዮሲ።”

“እኔ እናቷን አናገርኩ” አለች ጵርስቅላ። “ትናንት አንጋጫ ሄጄ ነበር።”

እናትየው የከምባትኛ፣ እርሷ የሃዲይኛ ተናጋሪ ስለሆኑ፣ በእናትየው ሰባራ አማርኛ ተግባቡ። ሀኒ ሆቴል አልገባችም። አንድ ቤት ውስጥ ልጆች ትጠብቃለች፤ የጉብኝት ቪዛዋ ጊዜው አልፏል፤ ፓስፖርቷ የተቀበላት ሰው ዘንድ ነው። እናቷ የምትሰማት ባለቤቶቹ በሌሉበት በተላከች አጭር የድምፅ መልእክት ብቻ ነው። ጵርስቅላ፣ “ታዲያ ድርጅቱን ሳታውቁት ልጃችሁን እንዴት ሰጣችሁ?” ብትላት፣ ሴትየዋ ተቆጣች። ድርጅቱን ማን ጠየቀሽ፣ እኛ የሰጠነው ይህን አምነን ነው ብላ ከሣጥን አንድ ወረቀት አወጣች።

ልጅቷ ስልኳን ከፍታ የወረቀቱን ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። አቶ ዕንባቆም ከዓመት በፊት ለዮሲ የጻፉት የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። “ወንድም ዮሲ በመልካም ሥነ ምግባር የምናውቀው ስለሆነ ትብብር እንዲደረግለት” ይላል። ፊርማቸውና የቤተ ክርስቲያኒቱ ማኅተም አርፎበታል። በእኛ አካባቢ የሽማግሌ ደብዳቤ ከመንግሥት ፈቃድ ይበልጣል፤ እናቶች ማኅተሙን በጣታቸው ዳስሰው ልጃቸውን ይሰጣሉ።

“ይህ ለቤት ኪራይ ብሎ ያጻፈኝ ነው” አሉ አቶ ዕንባቆም። ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

እኔም መናገር ነበረብኝ። ያንን ደብዳቤ ዮሲ ወደ ሱቄ አምጥቶ በሠላሳ ኮፒ አባዝቼለታለሁ። ለቤት ኪራይ ሠላሳ ኮፒ ምን ያደርጋል ብዬ አልጠየቅሁም፤ የአቶ ዕንባቆም ፊርማ ስለሆነ። ይህንንም ነገርኳቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሽማግሌው ፎቶውን እያዩ፣ “እኔ ሰውን ያመንኩ መስሎኝ…” አሉና ተዉት።

“ጋሼ፣ እርስዎ አምነውታል” አለች። “ሌላው ሁሉ ግን እርሱን አይደለም ያመነው፤ እርስዎን ነው። እርስዎ ሳይጠይቁ የፈረሙትን፣ አሥራ ዘጠኝ ቤት ሳይጠይቅ ፓስፖርት ሊያስረክብበት ነው። የመጠየቁ ሸክም ከእነርሱ ላይ ተነሥቷል፤ እርስዎ ግን አልተሸከሙትም።”

ለአማች ሦስት ወር የምናጠያይቅ ሕዝብ ነን፤ ማጠያየቅ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ለቀጣሪም ያንኑ ብናደርግ የሚወስደው ጊዜ ከሳምንት አይበልጥም። ስሙንና ቁጥሩን ከሚኒስቴሩ ዝርዝር ማየት፣ ወረቀቱ ላይ ባለው ሳይሆን በሌላ መንገድ በተገኘ ስልክ መደወል፣ ቀድመው የሄዱትን በወኪሉ አፍ ሳይሆን በቤተሰባቸው ማናገር ነው። እውነተኛ ኤጀንሲ በዚህ አይቀየምም፤ ተጠያቂነት ያለው ሥራ የያዘ ነውና ጠያቂ ይለምዳል። በትክክለኛው መንገድ የሄደች ልጅ ደግሞ የጸደቀ ውል አላት፣ ቀጣሪዋ ይታወቃል፣ ስትጠፋ የምትፈለግበት አድራሻ አለ። ይህን ሁሉ ለአቶ ዕንባቆም ተናገርኩ። ምናልባት ረዘም አድርጌው ይሆናል፤ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

ግዴታውን ከጠረጴዛዬ አንሥተው ሁለት ቦታ ቀደዱት። “እሑድን መጠበቅ አይሆንም፤ ሐሙስ ይቀድማል” አሉ። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠይቀውኝ፣ የተመዘገቡትን የአሥራ ዘጠኙን ስም ከአእምሯቸው ጻፉ። ዛሬውኑ በየቤቱ ዞረው ማንም ፓስፖርት እንዳያስረክብ ራሳቸው ሊነግሩ፣ ነገ ጠዋት ከጵርስቅላ ጋር መምሪያው ቀርበው ስለ ዮሲና ስለ ደብዳቤው ቃላቸውን በፊርማ ሊሰጡ፣ የሀኒም ጉዳይ በሚኒስቴሩ በኩል ወደ ኤምባሲው እንዲደርስ ሊያመለክቱ፣ እሑድም ማስታወቂያውን ባነበቡበት ቦታ ቆመው፣ “ሳልጠይቅ ፈረምኩ” ሊሉ ተስማሙ።

“አንጋጫስ?” አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

አቶ ዕንባቆም ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

“አንጋጫም እሄዳለሁ” አሉ። “አንቺ ቤቱን አሳዪኝ እንጂ፣ ለእናቷ እኔው እነግራታለሁ።”