ያላገባ ማስረጃ

(ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የወሳኝ ኩነት መስኮት ላይ፤ አቶ ልሳነወርቅ ቤቱን ለመሸጥ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ ሊያወጣ መጥቷል፤ ሠራተኛዋ ምንትዋብ በመታወቂያው ውስጥ የተጣጠፈ ብር አግኝታ መልሳ ገፍታለታለች።)

ልሳነወርቅ፦ ምነው እህቴ፣ ያቃጥላል እንዴ?

ምንትዋብ፦ የጠየቅኩዎት መታወቂያ ነው ጋሼ። ይሄንን ወደ ኪስዎ ይመልሱልኝ።

ልሳነወርቅ፦ ኧረ የሻይ ናት!

ምንትዋብ፦ ሻይ ጠጥቻለሁ። የጎደለዎት ሦስተኛ ምስክር ነው። ሦስቱም የታደሰ መታወቂያ ይዘው፣ ለየብቻ ቃላቸውን ሰጥተው ይፈርማሉ። ከዚያ ገንዘብ ቤት ከፍለው ደረሰኙን ያመጣሉ፤ ኃላፊው ፈርሞ ማኅተም ያስመታል። ሰውዬውን ነገ ጠዋት ይዘው ከመጡ ነገውኑ ያልቃል።

ልሳነወርቅ፦ ነገ? ገዢው ውልና ማስረጃ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ! «ወይ ሚስትህ መጥታ ትፈርም፣ ወይ ያላገባህ መሆንህን አምጣ» አሉኝ። ሚስት ከየት አባቴ ላምጣ?

ምንትዋብ፦ ሚስት አላልኩም። ምስክር ነው ያልኩት።

ልሳነወርቅ፦ ካንቺ በፊት የነበረው ልጅ እንዲህ አያንገላታም ነበር።

ምንትዋብ፦ እሱማ አሁን ፍርድ ቤት እየተንገላታ ነው።

ልሳነወርቅ፦ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል አልሰማሽም?

ምንትዋብ፦ ሹመቴ ይቺ ወንበር ናት። አንድ እግሯ በሽቦ ታስሯል። ምኗን ልብላ?

ልሳነወርቅ፦ ወይ ኩራት! በዚህ ባለቀ ጫማ?

ምንትዋብ፦ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉ። እርስዎ ጫማዬን ያነሱት እኔን ንቀው ነው። እኔም የመለስኩት ብሩን ንቄ አይደለም፤ የናቅሁት እርስዎን ነው።

ልሳነወርቅ፦ እሺ እሺ፣ ብሩን ተይው። በቤተሰብ ደንብ እንሁን። ዛሬ ጨርሺልኝና እሁድ ቤት ነይ። የኔዋ የሠራችው ዶሮ ወጥ እኮ እጅ ያስቆረጥማል!

ምንትዋብ፦ የእርስዎዋ?

ልሳነወርቅ፦ ስለ ትርፍነሽ ሙያ ሰፈሩን ጠይቂ! ስንት ዘመን ስበላው አልሰለቸኝም።

ምንትዋብ፦ ጋሼ፣ ምን የሚል ማስረጃ ነበር የጠየቁኝ?

ልሳነወርቅ፦ ያላገ... ማለቴ... ሠራተኛዬ ናት!

ምንትዋብ፦ ሠራተኛዎን ነው «የኔዋ» የሚሏት? «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ማለት ይሄ ነው። በሉ፣ ውጭ የቆሙትን ምስክሮች ያሰናብቷቸው። እርስዎ ራስዎ መስክረዋል።

ልሳነወርቅ፦ በሽማግሌ ነው የተጋባነው! እናንተ ጋ አልተመዘገበም!

ምንትዋብ፦ አውቃለሁ፣ እኛ ጋ ያላገባ ነዎት። ነገ ሦስተኛ ሰው ይዘው አፍዎን ዘግተው ቢመጡ ኖሮ ሳልጠረጥር እጨርስልዎት ነበር። በሽማግሌ ያገባም ግን አግብቷል።

ልሳነወርቅ፦ በናትሽ... እንዳልሰማ ሁኚልኝ። የትም አትንገሪ።

ምንትዋብ፦ ማስረጃውን ይርሱት። የእሁዱን ግብዣ ግን ተቀብያለሁ። ዶሮውን እየበላን፣ ቤቷ ሊሸጥ እንደነበር ለእትዬ ትርፍነሽ አጫውታታለሁ።