ስልኩን የያዝከው ማነህ

ከወልቂጤ ተነስቼ ጉብሬ ላይ ከሚኒባስ ስወርድ ነው ባዶ እጄን ያየሁት። ሚስቴ ወንድሞቿን ለክትፎ ጠርታ፣ ቆጮ ገዝቼ እንድመጣ አደራ ብላኝ ነበር። «ገበያው ተበትኖ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ከዚያ፣ «ዘቢባ፣ ቆጮውን ረሳሁት። ሰበብ የለኝም። ወንድሞችሽ ፊት አሳፈርኩሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁኑኑ ተመልሼ ይዤ እመጣለሁ፤ እስክደርስ ክትፎውን አታቅርቢ» ብዬ ላክሁላት።

ወዲያው ደወለች። «ስልኩን የያዝከው ሰውዬ ማነህ?»

«እኔ ነኛ፣ ባልሽ።»

«ባሌ ሰበብ ሳይደረድር ይቅርታ ብሎ አያውቅም። ስልኩን መልስ።» ከኋላዋ ወንድሞቿ ሲንከተከቱ ይሰማኛል።

ቆጮውን አቅፌ ስገባ መልእክቱን ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብላቸዋለች። ታላቅ ወንድሟ ግን አልሳቀም። ጠጋ አለና፣ «እስቲ ለእኔም ላኪልኝ» አላት ቀስ ብሎ። «እኔም ቤት የረሳሁት ነገር አለ።»